ወለዱ ከ15 ወደ 18 ሲወጣ ወርሃዊ ክፍያዬ 3,700 ብር ገደማ ጨመረ፣ ስሌቱ እንዴት ነው?

የሰሚቷ
ሰላም ለሁላችሁ። ከ3 አመት በፊት ከአንድ ባንክ የቤት ብድር 2 ሚሊዮን ብር ወስደናል፣ 15 አመት የሚከፈል፣ ወለዱ 15 ፐርሰንት፣ በየወሩ 27,992 ብር እየከፈልን አንድም ወር አላሳለፍንም። ባለፈው ሳምንት ደብዳቤ መጣ፣ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ወለዱ 18 ሆኗል ወርሃዊውም 31,689 ነው ይላል። ስንፈራረም ግን ኦፊሰሩ "15 ነው" ብቻ ነው ያለን፣ እኛም ቋሚ መስሎን ነው ቤቱን የገዛነው።

እኔ ቁጭ ብዬ ሳሰላው 3 ፐርሰንት በ2 ሚሊዮን ላይ በአመት 60,000 ነው በወር 5,000 ይመጣል፣ በሌላ መንገድ ደግሞ ከ15 ወደ 18 ማለት ወለዱ በ20 ፐርሰንት አደገ ማለት ስለሆነ ክፍያውም በ20 ፐርሰንት ያድጋል ብዬ 5,600 አገኘሁ። ባንኩ ግን የጨመረው 3,697 ነው። ያነሰ ስለሆነ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር ግን ካልገባኝ ነገር ላይ መፈረም አልፈልግም። ብራንች ስሄድ ደግሞ "ከከበዳችሁ ወርሃዊውን ባለበት ትተን አመቱን እናራዝምላችሁ" አሉኝ። የትኛው ይሻላል? ሌላው የገረመኝ፣ በ3 አመት ከሚሊዮን ብር በላይ ከፍለን ቀሪ ዕዳ 1,865,026 ይላል። ይሄ ትክክል ነው??

ባጃጅ በሁለት
እህቴ እኔም ከማይክሮ ፋይናንስ 100 ሺ በ15 ፐርሰንት ለ2 አመት ወስጄ በየወሩ 5,417 ነው ምከፍለው፣ አንድም ቀን ተቀይሮብኝ አያውቅም። ቋሚ ወለድ ያለው ማይክሮ ፋይናንስ ጋ ነው ባንክ ምን ያረግልሻል

ቁጥር ወዳድ
ባጃጅ፣ ያንተ ክፍያ አይቀየርም እውነት ነው ግን የእሷ 15 እና ያንተ 15 አንድ አይደሉም ወንድሜ። አንተን ያሰሉብህ ፍላት ነው፣ ማለትም 15 ፐርሰንቱ ሁለቱንም አመት በሙሉ 100 ሺው ላይ ነው የታሰበው፣ 30 ሺ ወለድ ተደምሮ ለ24 ተካፈለ። ግማሹን ከመለስክ በኋላም ያልመለስክ ያህል ወለድ ትከፍላለህ። በቀሪ ዕዳ ላይ ብቻ የሚታሰብ ቢሆን ኖሮ ያንን 5,417 የሚያመጣው ወለድ ወደ 26.6 ፐርሰንት ነው። እሷ 18 ገብቶባትም ካንተ ብዙ ትቀንሳለች።

ባጃጅ በሁለት
26?? እንደዛ ብሎ የነገረኝ ሰው የለም። ወረቀቱ ላይ 15 ነው ሚለው

ድሮ ብድር ክፍል
እህቴ የሰሚቷ፣ ብድር ክፍል ለብዙ አመት ሰርቻለሁ፣ ጥያቄሽን ከመጨረሻው ልጀምር እሱ ከገባሽ ሌላው ይቀላል።

ቀሪ ዕዳው ትክክል ነው። በየወሩ የምትከፍዪው 27,992 መጀመሪያ የወሩን ወለድ ይሸፍናል፣ የተረፈው ብቻ ነው ዋናውን የሚቀንሰው። የመጀመሪያው ወር ላይ 2 ሚሊዮን በ15 ፐርሰንት ለ12 ሲካፈል 25,000 ወለድ ነው፣ ስለዚህ ከዋናው የወረደው 2,992 ብር ብቻ ነበር። በየወሩ ዕዳው ትንሽ ሲቀንስ ወለዱም ትንሽ ይቀንሳል፣ ዋናውን የሚቀንሰው ድርሻ ደግሞ ቀስ እያለ ይጨምራል። በ36 ወር 1,007,712 ብር ከፍለሻል፣ ከዚያ ውስጥ ዕዳውን የቀነሰው ወደ 135,000 ነው። ረጅም ብድር በከፍተኛ ወለድ ሲሆን የመጀመሪያዎቹ አመታት ሁሌም እንዲህ ናቸው፣ ማንም አላጭበረበረሽም።

አሁን ወደ ጭማሪው። 5,000 የመጣብሽ በ2 ሚሊዮኑ ስላሰላሽ ነው፣ ወለዱ ግን የሚታሰበው በቀረው 1,865,026 ላይ ነው። በ15 ፐርሰንት የዚህ ወር ወለድ 23,313 ነበር፣ በ18 ግን 27,975 ይሆናል። ልዩነቱ 4,662 ገደማ ነው። ታዲያ ባንኩ ለምን 3,697 ብቻ ጨመረ ካልሽ፣ አዲሱ ስሌት ዋናውን የሚመልሰውን ድርሻ ወደኋላ ስለገፋው ነው። በድሮው ወለድ ዘንድሮ በወር 4,679 ከዋናው ይወርድልሽ ነበር፣ በአዲሱ ግን 31,689 ከፍለሽ የሚወርድልሽ 3,714 ብቻ ነው። ስለዚህ ክፍያሽ ያነሰ የጨመረ መስሎ ቢታይሽም ዕዳሽ ከበፊቱ በዝግታ ነው የሚወርደው፣ የቀረውን 965 ብር በኋላ አመታት ትከፍዪዋለሽ። በ20 ፐርሰንት ያላደገውም ለዚሁ ነው፣ ከክፍያሽ ውስጥ ወለዱ ብቻ ነው ያደገው ዋናው አላደገም፣ በጠቅላላው ጭማሪው 13 ፐርሰንት ገደማ ነው።

በስልክሽ ኤክሴል ወይም ጉግል ሺት ካለሽ ራስሽ አረጋግጪ፦

```
=PMT(18%/12, 144, -1865026)
```

144 የቀሩሽ ወራት ናቸው። በጥቂት ብር ቢለያይ አትደንግጪ፣ አንዳንድ ባንክ ወለዱን በቀን ቆጥሮ ስለሚያስብ 31 ቀን ያለው ወር ከፍ ይላል።

የሰሚቷ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እንዲህ አርጎ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም። ሺቱ ላይ አስገብቼው ልክ 31,689 መጣ። ታዲያ አመቱን እናራዝም ያሉትስ? ለኛ በወር 3,700 ብር የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ስለሆነ እሱን ነበር የመረጥነው ነገ ልንፈርም ነው

ድሮ ብድር ክፍል
አይ እህቴ ነገ እንዳትፈርሚ። ያልኩሽን ሁለት ቁጥር አስተያዪው፣ ክፍያሽ 27,992 ነው፣ በ18 ፐርሰንት የአንድ ወር ወለድሽ 27,975 ነው። ክፍያውን ባለበት ከተዉልሽ ዕዳሽን የሚቀንሰው በወር 17 ብር ነው። በዚህ አካሄድ ብድሩ የሚያልቀው ከ500 ወር ገደማ በኋላ ነው፣ ከ41 አመት በላይ ማለት ነው። ደግሞ ወለዱ አንዲት ነጥብ እንኳን ከ18 በላይ ከሄደ ክፍያሽ ወለዱን ራሱን አይሸፍንም፣ ያልተሸፈነው ከዋናው ላይ ይደመርና በየወሩ እየከፈልሽ ዕዳሽ ያድጋል።

ባንኩም 41 አመት አይሰጥሽም፣ የራሱ የጊዜ ጣሪያ አለው፣ የተበዳሪው ጡረታ መውጫ እድሜም ይታያል። ስለዚህ ብራንች ላይ "ባለበት እንተዋለን" ያለሽ ሰው ስሌቱን ሰርቶ አይደለም የነገረሽ። ምናልባት የሚሰጡሽ ጠቅላላ ጊዜውን ከ15 ወደ 20 አመት ነው። ያ ከሆነ 204 ወር ይቀርሻል ክፍያው 29,385 ይሆናል፣ ከ31,689 በወር 2,304 ቀነሰልሽ። ግን እስከመጨረሻው ደምሪው፣ በ144 ወር 4 ሚሊዮን 563 ሺ ገደማ ነው የምትከፍዪው፣ በ204 ወር ደግሞ ወደ 5 ሚሊዮን 994 ሺ። በወር 2,300 ለማትረፍ 1 ሚሊዮን 430 ሺ ተጨማሪ። ሌላ ምንም መውጫ ከሌላችሁ እሺ፣ ቤት በሐራጅ ከሚሸጥ ይሻላል፣ መጀመሪያ የምትመርጡት ግን እሱ መሆን የለበትም።

ጡረተኛ ከልደታ
ሰላም ልጆች። ይኼ ሁሉ ስሌት ደህና ነው፣ እኔ ግን ያልገባኝ ውል ውል አይደለም ወይ? 15 ተብሎ የተፈረመ ነገር እንዴት በደብዳቤ ይቀየራል? ፍርድ ቤት ትውሰዳቸው እንጂ። መንግሥት በ2016 ሐምሌ ላይ የብሔራዊ ባንክ ወለድ 15 ነው ብሎ አውጇል፣ ከዚያ በላይ ማስከፈል እንዴት ይቻላል።

ድሮ ብድር ክፍል
አባቴ ሰላም ይሁንልዎ። ቀኑና ቁጥሩ ልክ ነዎት፣ ግን ያ 15 ለተበዳሪ የወጣ ጣሪያ አይደለም። ብሔራዊ ባንክ ከንግድ ባንኮች ጋር በሚገበያይበት ጊዜ የሚጠቀምበት የፖሊሲ ወለድ ነው። ለተበዳሪ ስንት እንደሚያስከፍሉ ባንኮቹ ራሳቸው ናቸው የሚወስኑት፣ ብሔራዊ ባንክ በቁጥር ያስቀመጠው የቁጠባን ዝቅተኛ ወለድ ነው፣ እሱም 7 ፐርሰንት።

ውሉን በተመለከተ፣ እኔ በስራ ዘመኔ ያየኋቸው የቤት ብድር ውሎች በሙሉ አንድ አንቀጽ አላቸው፣ ባንኩ የወለድ ምጣኔውን በማንኛውም ጊዜ የመለወጥ መብቱ የተጠበቀ ነው የሚል። 15ቱ ከፊት ገጽ በደማቁ ይጻፋል፣ ይሄኛው ደግሞ መሃል ላይ ካሉት አንቀጾች አንዱ ነው። ተበዳሪው ቋሚ መስሎት ይፈርማል፣ በውሉ ግን ተለዋዋጭ ነው። ባንኩ ለምን እንዲህ ያደርጋል ቢሉኝ፣ የሚያበድረው የአስቀማጩን ገንዘብ ነው፣ አስቀማጩ ነገ መጥቶ ሊያወጣው ይችላል ወይም የተሻለ ወለድ ሊጠይቅ ይችላል፣ ብድሩ ግን 15 አመት ይቆያል። በጥቅምት 2010 የቁጠባው ዝቅተኛ ወለድ ከ5 ወደ 7 ሲወጣ ትዝ ይልዎ ይሆናል፣ ባንኮች ወዲያው የነባር ተበዳሪዎቻቸውን ወለድ ከፍ አድርገዋል፣ ያኔ እኔም ደብዳቤ ከሚጽፉት አንዱ ነበርኩ።

ጡረተኛ ከልደታ
ገባኝ ልጄ። ግን አንቀጹ ቢኖርም ያለገደብ መሆኑ ልክ አይደለም። ነገ 30 ቢሉስ? በየትኛው መለኪያ ነው 18 የሆነውና 17 ያልሆነው?

ሲልቨር ስፕሪንግ
የአባታችን ጥያቄ ዋናው ጥያቄ ነው። እኔ ሜሪላንድ ነው ያለሁት፣ እኛም ጋ ተለዋዋጭ አለ አድጀስተብል ይሉታል፣ ልዩነቱ ግን መለኪያውና ገደቡ ውሉ ላይ ተጽፏል። እኛ በ2021 ስንገዛ 400 ሺ ዶላር በ3 ፐርሰንት ነው የወሰድነው፣ 5 አመት አይነካም ከዛ በየ6 ወሩ ይቀየራል የሚል፣ ወርሃዊው 1,686 ነበር ታክስና ኢንሹራንስ ሳይጨምር። ሲቀየር ባንኩ ከኪሱ ቁጥር አያወጣም፣ ሶፈር የሚባል በኒውዮርክ ፌድ በየቀኑ የሚወጣ ወለድ አለ፣ የሱን የ30 ቀን አማካይ ወስደው 2.75 ይደምሩበታል፣ ይሄ 2.75 ብድሩ እስኪያልቅ አይለወጥም። የሚመጣውን ማንም ሰው ኢንተርኔት ላይ አይቶ ማወቅ ይችላል።

ከዛ ገደቡ አለ፣ መጀመሪያ ሲቀየር ከ2 ነጥብ በላይ አይዘልም፣ ከዛ በኋላ በየ6 ወሩ ከ1 በላይ፣ በጠቅላላው ደግሞ ከመነሻው ከ5 በላይ አይሄድም። ስለዚህ በጣም ቢከፋ 8 ነው። ባለቤቴ ጋ ቁጭ ብለን ያሰላነው፣ ቀሪው 355,600 ገደማ ነው በ5 ፐርሰንት ለ25 አመት ሲታሰብ 2,079 ይመጣል። መለኪያው ሲደመር ከ5 በላይ ነው የሚሰጠው፣ ገደቡ ስለያዘው ነው 5 ላይ የቆመው፣ ከ6 ወር በኋላ ደግሞ 6 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እኛም ጋ ክፍያው ይጨምራል ግን ከስንት እስከ ስንት እንደሆነ በ2021 ቀድመን እናውቅ ነበር። እንደ የሰሚቷ በደብዳቤ ቢመጣብኝ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ኑሪ
ሰዎች ከወለድ ነፃውንም አስቡት። እኔ ቤቴን በሙራባሃ ነው የወሰድኩት፣ ባንኩ ቤቱን ገዝቶ ትርፉን ጨምሮ ሸጠልኝ፣ ዋጋው የተቆረጠው የፈረምኩ ቀን ነው ስለዚህ ወርሃዊዬ እስከመጨረሻው አይነካም። የተሸጠ እቃ ዋጋ ተመልሶ አይጨመርም።

ቁጥር ወዳድ
ኑሪ ያልሽው ልክ ነው፣ ሙስሊም ላልሆነም ክፍት ነው። ግን ለየሰሚቷ አሁን ብዙ አይጠቅማትም ምክንያቱም ቤቱ በመያዣ ተይዟል፣ ወደዛ ለመሄድ ይሄኛውን መዝጋት አለባት። ሌላው፣ ዋጋው ቀድሞ ስለተቆረጠ ቀድመሽ ብትዘጊ የቀረውን ትርፍ መቀነስ ባንኩ ላይ ግዴታ ላይሆን ይችላል፣ ውልሽን እይው። በቀሪ ዕዳ በሚታሰብ ብድር ግን ቀድሞ የተከፈለ ብር ወዲያው ወለድ ያስቀራል።

ኑሪ
ቅናሽ ያደርጋሉ ግን በነሱ ፈቃድ ነው ብለውኛል፣ ውሉ ላይ የለም እውነትህን ነው።

ቦሌ ቡልቡላ
የኔ ደግሞ ለየት ያለ ነው። ባለቤቴ ባንክ ውስጥ ትሰራ ስለነበር በሰራተኛ ወለድ ነው የተበደርነው በጣም ዝቅ ያለ። አምና ስራ ለቀቀች፣ በሚቀጥለው ወር ወለዱ ወደ ደንበኛ ወለድ ተዛወረ፣ ወርሃዊው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ብሔራዊ ባንክም አልጨመረ ባንኩም አልጨመረ ወለዱ ግን ተቀየረ። ስራ ለመልቀቅ የምታስቡ የባንክ ሰራተኞች መጀመሪያ ሂሳቡን ስሩ፣ አዲሱ ደሞዝ ይሄንን ይሸፍናል ወይ ብላችሁ

ጎላ ሰፈር
እኔ ግን ይሄን ያህል መደንገጥ አይገባም እላለሁ። በ2014 እና በ2015 የዋጋ ንረቱ በአመት ከ30 ፐርሰንት በላይ ነበር፣ በ15 ተበድሮ ቤት የገዛ ሰው ነው ያተረፈው። 18ም ቢሆን ብሩ እየወደቀ ስለሆነ ከ5 አመት በኋላ 31 ሺ ምንም አይደለም። ብድሩን ቶሎ አትክፈሉ ያዙት

ድሮ ብድር ክፍል
ጎላ ሰፈር ግማሹ እውነት ነው። ቤቱ ዋጋው ወጥቷል፣ ዕዳው ግን በብር እንደቆመ ነው፣ በዚህ ተበዳሪ ይጠቀማል። ሆኖም ወርሃዊው የሚከፈለው ከደሞዝ ነው፣ ደሞዝ ደግሞ በ30 ፐርሰንት ሲጨምር አላየሁም። ሀብታቸው በወረቀት ላይ አድጎ ሶስት ወር መክፈል አቅቷቸው ማስጠንቀቂያ የተጻፈላቸው ሰዎች አሉ፣ እኔው ነኝ የጻፍኩላቸው። ደግሞ የምትለው የሚሰራው ወለዱ በእርግጥ ቋሚ ቢሆን ነው። ንረቱ ሲቆይ ባንኩ ወለዱን የሚያሳድግበት አንቀጽ በእጁ ካለ ያ ጥቅም አብሮ ይሸረሸራል፣ የእህታችን ጉዳይም እሱ ነው።

የሰሚቷ፣ ሌላ መንገድ ልንገርሽ። እቁብም ሆነ ከዘመድ የሚገባ ብር ካለ፣ ዋናው ላይ 217,600 ብር ገደማ በአንዴ ብታስገቡ ቀሪው ወደ 1,647,400 ይወርድና በ18 ፐርሰንት በ144 ወር ክፍያሽ እዛው 27,992 ላይ ይቆያል። ግማሹን ብታስገቡም ጭማሪው በግማሽ ይቀንሳል። ግን ስታስገቢ በጽሁፍ አመልክቺ፣ "ዋናውን ገንዘብ እንዲቀንስና አዲስ የመክፈያ ሰሌዳ እንዲሰራልኝ" ብለሽ። ዝም ብለሽ አካውንቱ ላይ ካስገባሽው የሚቀጥሉት ወራት ቅድሚያ ክፍያ አድርገው ሊይዙት ይችላሉ፣ ያኔ ወለዱ እንዳለ ይቀጥላል። ቀድሞ ለመክፈል ክፍያ የሚጠይቅ ባንክም ስላለ እሱን ጠይቂ።

ቁጥር ወዳድ
አንድ ነገር ልጨምር፣ ጊዜው ወሳኝ ነው። ይሄው 3 ነጥብ ጭማሪ 12 አመት ከፍላ 3 አመት ሲቀራት ቢመጣ ኖሮ ቀሪው 807 ሺ ገደማ ስለሚሆን ክፍያዋ ከ27,992 ወደ 29,193 ነበር የሚሄደው፣ 1,200 ብር ብቻ። ለዚህ ነው ተለዋዋጭ ወለድ ያላቸው ሰዎች ትርፍ ብር ካላቸው በመጀመሪያዎቹ አመታት ዋናውን መምታት ያለባቸው፣ ወለዱ ሲነሳ የሚመታው ያልተከፈለውን ነው።

የሰሚቷ
217 ሺ የለንም። 100 ሺ የሚሆን የእቁብ እጣ በሁለት ወር ውስጥ ይደርሰኛል፣ ባለቤቴ ግን እሱ ለልጁ ትምህርት ቤት መጠባበቂያ ነው ይላል ጎላ ሰፈርም ያለውን ሳሳየው ይበልጥ ጠነከረ። ዛሬ ውሉን አውጥቼ አየሁት፣ አንቀጹ አለ፣ ስድስተኛው ገጽ ላይ። "ባንኩ ለተበዳሪው በማሳወቅ" ይላል ከስንት ቀን በፊት እንደሆነ ግን አይልም። ደብዳቤው የደረሰን ሊጀምር 11 ቀን ሲቀረው ነው።

ጡረተኛ ከልደታ
ልጄ፣ እሱን ያዢ። ለባንኩ ዋና መስሪያ ቤት በጽሁፍ አመልክቺ፣ ማመልከቻው ገቢ የሆነበትን ማህተም አስመቺበት። ቢያንስ ሁለት ወር በድሮው እንድትከፍዪ ሊፈቅዱ ይችላሉ።

ድሮ ብድር ክፍል
አባታችን ያሉት ይሞከር፣ ወለዱን ይመልሱታል ብዬ ተስፋ አልሰጥሽም፣ የሚጀምርበትን ቀን ሲያራዝሙ ግን አይቻለሁ። አብረሽ ሁለት ነገር ጠይቂ፣ አንደኛ የ18ቱን ሰሌዳ ከነወለዱና ከነዋናው ወር በወር አትመው እንዲሰጡሽ፣ ሁለተኛ ወለድ በገበያ ሲወርድ የእናንተም ይወርዳል ወይ ብለሽ በጽሁፍ። በራሳቸው ሲያወርዱ ያየሁት አልፎ አልፎ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ደንበኛው ሌላ ባንክ ሄጄ ላዛውረው ነው ብሎ ሲያመለክት ነው የሚነጋገሩት። በ100 ሺው ላይ ግን እኔ ከባለቤትሽ ጋር ነኝ ማለት ይከብደኛል፣ 100 ሺው ዋናው ላይ ቢገባ ወርሃዊሽን በ1,700 ብር ገደማ ይቀንሳል፣ ትምህርት ቤቱ ደግሞ መቼ እንደሚጨምር የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ቁጥር ወዳድ
እኔ ከባለቤቷ ጋር ነኝ። ዋናው ላይ የገባ ብር ተመልሶ አይወጣም፣ በሚቀጥለው አመት ሌላ ደብዳቤ ቢመጣ በእጅ ያለ 100 ሺ የብዙ ወር ጭማሪ ይሸፍናል።

ሲልቨር ስፕሪንግ
ድሮ ብድር ክፍል፣ ጥያቄ አለኝ። ዳያስፖራ ሆኜ አዲስ አበባ ላይ ቤት በብድር ለመግዛት እያሰብኩ ነው፣ ውሉ ላይ "ከመነሻው ከዚህ በላይ አይጨምርም" የሚል አንቀጽ ይግባልኝ ብል የሚቀበል ባንክ አለ?

ድሮ ብድር ክፍል
እኔ በነበርኩበት ጊዜ ለግለሰብ እንዲህ ያለ ውል አላየሁም። ብራንች ላይ ለመቀየር ስልጣን የለንም ነው የሚሉህ፣ ጠይቅና የመለሱልህን እዚህ ጻፍልን።

የሰሚቷ
ማመልከቻውን ዛሬ አስገባሁ፣ ማህተም ተመትቶበታል። በሁለት ሳምንት መልስ ይሰጥሻል ብለውኛል፣ እስከዛ ግን የመጀመሪያውን 31,689 መክፈል አለብን።